ወንበር የሌለው ካፌ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1986 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ፣ ኮሎምቢያ ሴንተር በሚባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሥር አንዲት ጠባብ ካፌ ተከፈተች። ስሟ ኢል ጆርናሌ ነበር፤ ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን ጋዜጣ ማለት ነው። ውስጧ አንድም ወንበር የለም። ቡናውን የሚያፈሉት ሰዎች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቢራቢሮ ክራቫት አስረዋል። ከድምፅ ማጉያው የጣሊያን ኦፔራ ይንቆረቆራል፤ የዋጋ ዝርዝሩም በጣሊያንኛ ቃላት የተሞላ ነው። ባለቤቱ ሃዋርድ ሹልትስ እንዲህ ያደረገው አስቦበት ነው። ሚላን ያየውን ካፌ አንድም ነገር ሳያጎድል አገሩ ላይ ማቆም ፈልጎ ነበር።

ብዙዎቻችን ስታርባክስ የሚለውን ስም የምናውቀው እንደ ግዙፍ ኩባንያ ነው። እኔ ግን ስለ ግዙፉ ኩባንያ አይደለም የምጽፈው። የምጽፈው በአንድ ከተማ የሠራ ንግድ ሌላ ከተማ ሲወሰድ ምን እንደሚገጥመው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከቡና ካፌ ታሪክ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ከሚላን ተነሥቶ ሲያትል ደረሰ፣ ከሲያትል ቺካጎ ሄደ፣ በመጨረሻም የቡናው አገር አዲስ አበባ ገባ። በየደረሰበት አንድ ነገር እየጣለ፣ አንድ ነገር እየጨመረ ነው የተጓዘው።

ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲመሠረት የሚሸጠው የተቆላ ቡና በሚዛን ነበር እንጂ በሲኒ የተቀዳ ቡና አልነበረም። ሹልትስ በ1982 ተቀጠረ። በማግስቱ ዓመት ለንግድ ትርዒት ሚላን ሲላክ ከማረፊያው እስከ ትርዒቱ ሲመላለስ በየመንገዱ ጥግ ካፌ አየ። ሰው ይገባል፣ ባሪስታው በስሙ ይጠራዋል፣ ቡናውን ቆሞ ይጨልጣል፣ ይወጣል። ወደ ሲያትል ተመልሶ አለቆቹን ቢወተውትም እነሱ የሚያውቁት ቡና መቁላትን ነበርና ሐሳቡ ብዙም አልጣማቸውም። በስተመጨረሻ ሥራውን ለቀቀና የራሱን ካፌ ከፈተ። ከዚያ በፊት ግን ከጎርደን ባውከር ጋር ጣሊያን ሄዶ ሚላንና ቬሮና ውስጥ አምስት መቶ ያህል ካፌዎችን እንደጎበኘ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ይተርካል። ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ የባሪስታውን እጅ ይቀርጻሉ።

እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ታዲያ ምን ሳተ? ያየውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ አመጣው፤ እያንዳንዱ ነገር ሚላን ውስጥ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ለይቶ አልያዘውም።

ወንበሩን እንውሰድ። ጣሊያን ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣ ሰው የሚከፍለው ዋጋና ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በብዙ ካፌዎች የተለያየ ነው፤ የተቀመጠው ይበልጥ ይከፍላል። ኤስፕሬሶ ደግሞ ሁለት ሦስት ጉንጭ ናት፤ ቆመህ ጠጥተህ ለመሄድ ሦስት ደቂቃ ይበቃሃል። ስለዚህ ወንበር አለመኖሩ የመጣው ከሲኒው ትንሽነትና ከዋጋው አከፋፈል ነው። ሲያትል ላይ ግን ሰው የሚያዘው ወተት የበዛበት፣ በትልቅ ኩባያ የሚቀርብ ቡና ነበር። ይህን ያህል ትኩስ ነገር ቆሞ የሚጨርስ የለም። ደንበኛው ኩባያውን ይዞ ዙሪያውን ይቃኛል፤ የሚያርፍበት ያጣል። ኢል ጆርናሌ ወንበር አስገባች። ይዞ መሄድ ለሚፈልገውም የወረቀት ኩባያ ቀረበ። ኦፔራው ሰውን አሰልችቶ ነበርና ሙዚቃው ተቀየረ። የዋጋ ዝርዝሩ ሊነበብ ስላልቻለ ተስተካከለ፤ ክራቫቱም ወለቀ።

የማይነካ ተብሎ የተያዘው ግን አልተነካም። ቡናው በጥንቃቄ ይቆላል፣ ደንበኛው ፊት ተፈጭቶ ወዲያው ይፈላል፤ ባሪስታው ደንበኛውን ያውቀዋል። ሰው ወደዚያች ጠባብ ቤት ይመለስ የነበረው ለዚህ ነው። በስድስት ወር ውስጥ በቀን አንድ ሺህ ያህል ደንበኛ ታስተናግድ ጀመር። በ1987 ሹልትስ የቀድሞ አሠሪዎቹን ስታርባክስን በ3.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛና ካፌዎቹን በዚያ ስም ጠቀለላቸው።

የትኛው ይነካል፣ የትኛው አይነካም የሚለው ክርክር ግን በዚህ አላበቃም። ስለ ወተት የሆነውን ልንገራችሁ። ጣሊያኖች በቡና ላይ የሚጨምሩት ቅባቱ ያልወጣ ወተት ነው፤ ስታርባክስም ሌላ ወተት አላቀርብም ብሎ ቆየ። ሃዋርድ ቢሃር የሚባለው ኃላፊ ደንበኞች ቅባቱ የወጣ ወተት እየጠየቁ ነው ብሎ ቢከራከርም የሚሰማው አላገኘም። አንድ ማለዳ ሹልትስ ከካፌዎቹ አንዱ ውስጥ ጥግ ይዞ ሲያይ አንዲት ወጣት ቅባት በሌለው ወተት ቡና እንዲሠራላት ጠየቀች። የለም ተባለች። በረጅሙ ተነፈሰችና ያንን የሚሸጠው ተፎካካሪ ካፌ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀች። ለሹልትስ ይህ በቂ ነበር፤ ወተቱ ገባ፤ ቆይቶም ከታዘዘው ማኪያቶ መሰል ቡና ግማሽ ያህሉ በዚያ ወተት የሚሠራ ሆነ። በአንጻሩ በቫኒላና በመሳሰለው ቅመም ሽታ የተነከረ የቡና ፍሬ አንሸጥም ያሉትን በዚያ ዘመን አልለወጡም፤ ሽታው ቤት ውስጥ ያለውን ሌላ ቡና ሁሉ ይበክላል። ጣዕም የሚፈልግ ደንበኛ ሲኒው ላይ ሽሮፕ ሊጨመርለት ይችል ነበር፤ ፍሬው ግን አይነካም ነበር። በእኔ እይታ ትክክለኛው ድንበር ይህ ነው። አንዱ ደንበኛ የፈለገው ለውጥ የሌላውን ደንበኛ ሲኒ እስካላበላሸ ድረስ ይደረጋል።

ሲያትል ላይ ይህን ሁሉ የተማረ ኩባንያ በ1987 መጨረሻ ቺካጎ ሲገባ እንደገና ወደቀ። ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይልቅ አስተማሪው ነው፤ ምክንያቱም አገሩ ያው፣ ቋንቋው ያው፣ ገንዘቡ ያው ነው። የመጀመሪያውን የቺካጎ ካፌ በራፍ ወደ መንገድ አዞሩት። ሲያትል ክረምቱ ዝናባማ ቢሆንም ለስለስ ያለ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ወጣ ብሎ ቡናውን ይዞ ይመለሳል። የቺካጎ ክረምት ግን ነፋሱ ፊት ይገርፋል። እዚያ ያለ ሰው ለአንድ ሲኒ ቡና ብሎ ካፖርቱን ለብሶ መንገድ አይወጣም፤ ከሕንፃው ውስጥ በሚከፈት በር ቢሆን ግን በሊፍት ወርዶ ይገዛ ነበር። ኪራዩና ደመወዙ ደግሞ ከሲያትል ይልቃል፤ ስለዚህ ያው ሲኒ በያው ዋጋ ሲሸጥ ኪሳራ ያመጣል። የቺካጎ ሰው ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡናንም ገና አልለመደም ነበር። ነገሩ የተቃናው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ዋጋው ከኪራዩ ጋር እንዲሄድ ከፍ ተደረገ፣ ልምድ ያላቸው ሥራ አስኪያጆች ተቀጠሩ፣ ደንበኛውም ጣዕሙን ለመደ። ያ ሁሉ ጊዜ የተከፈለው ከኪስ ነው። ትንሽ ካፒታል ያለው ሰው ሁለት ዓመት እየከሰረ መቆየት አይችልምና የበሩን አቅጣጫ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

መላመድ የሚባል ነገር ሳይኖር በፍጥነት መስፋፋት ምን እንደሚያስከትል ለማየት አውስትራሊያ ትበቃለች። ስታርባክስ በ2000 ገባ፤ በ2008 ከ84 ካፌዎቹ 61ዱን በአንድ ጊዜ ዘጋ። ከጣሊያንና ከግሪክ የሄዱ ስደተኞች ለአሥርት ዓመታት ጥሩ ኤስፕሬሶ ሲያጠጡት የኖሩትን ሕዝብ እንደ አዲስ ቡና ላስተምርህ ማለት አላዋጣም። ሲያትል ላይ ብርቅ የነበረው ነገር ሜልበርን ላይ በየሰፈሩ አለ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ጋ ኤስፕሬሶ ሲያትልን አልጠበቀም። ከጣሊያኖች የቀረልን ማኪያቶ በየትንሿ ከተማ ይሠራል። ፒያሳ ላይ በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካ ሰው ከረጅም ጠረጴዛ ጋር ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖሯል። ኢል ጆርናሌን ያስቸገረው ቆሞ መጠጣት እዚህ አልከበደም፤ ሲኒው ትንሽ ነው፣ አካባቢው እግረኛ የሚበዛበት የገበያ ሰፈር ነው፣ ብዙው ሰው የሚወጣው ተቆልቶ የተፈጨ ቡናም ገዝቶ ነው። ሁኔታው ከሚላን ጋር ተመሳሰለ፤ አሠራሩም አብሮ ሠራ።

በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ግን ሌላ ዓይነት ካፌ አዲስ አበባ ውስጥ ታየ። ወይዘሮ ፀደይ አስራት የከፈቱት ካልዲስ ኮፊ ነው። ስሙ ቡናን አገኘ ከሚባለው የፍየል እረኛ ከካልዲ የመጣ ነው። የምልክቱ ክብነትና አረንጓዴነት፣ የአስተናጋጆቹ ልብስ፣ የቤቱ አቀራረብ አሜሪካን ያየ ሰው ወዲያው ስታርባክስን እንዲያስብ ያደርገው ነበር፤ ኒውዮርክ ታይምስም በ2005 ይህንኑ አንሥቶ ዘግቦበታል። ስታርባክስ ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ ካፌ ስላልነበረው ናፍቆቱን የሚያስታግስ ሌላ አልነበረም።

ከላይ ያለው መልክ አሜሪካዊ ይሁን እንጂ ውስጡን ላስተዋለ ሰው ሥራው የአዲስ አበባ ነው። ሲያትል ላይ ደንበኛው ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ ስሙ እስኪጠራ ቆሞ ኩባያውን ይቀበላል። እዚህ ሰው ቁጭ ይላል፣ አስተናጋጅ ይመጣል፣ ሂሳብ በመጨረሻ ይከፈላል። ጓደኛህን ካፌ ጋብዘህ አሰልፈህ አታቆመውም። ቡናው በወረቀት ኩባያ ሳይሆን በሲኒ ይመጣል። ቦሌ አካባቢ ደግሞ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ የሚያደርግ ደንበኛ አለ፤ አስተናጋጁ ትሪውን ይዞ እስከ መኪናው ይሄዳል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ማቆሚያ ቦታና ተጨማሪ ሁለት እጅ ነው እንጂ ውድ ማሽን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሠራተኛ ደመወዝ ውድ ስለሆነ ሰልፉ ደንበኛውን ያሠራዋል፤ እኛ ጋ አስተናጋጅ መቅጠር ስለሚቻል መስተንግዶው ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ፣ ከገና በፊት ነቢያት፤ በእነዚህ ቀናት የሚጾም ደንበኛ ወተት አይነካም፣ ቅቤ ያለበት ኬክ አያዝም። ከማኪያቶና ከክሬም ኬክ የሚያተርፍ ካፌ ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን ምን ሊሸጥ ነው? ስለዚህ የጾም ኬክ ይጋገራል፣ ቡና በሻይ ስፕሪስ ይደረጋል፣ ጁሱ ይበዛል፣ አንዳንዱም በአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ የካፌ እቅድ ላይ ይህ ዓምድ የለም። እዚያው አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ሙስሊሙ የሚበዛበት አካባቢ ረቡዕ እንደ ማክሰኞ ነው፤ ረመዳን ሲገባ ግን ሽያጩ በሙሉ ወደ ማታ ይሄዳል።

አሁን ነገሩን በቁጥር እንየው። ሰውየው ካዛንቺስ ያለ፣ በቢሮ ሠራተኛ የሚሞላ ካፌ አይቶ ያንኑ ከከተማው ዳር ባለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ልክፈት አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ያስገባባቸው። ሁለቱም ካፌዎች ሠላሳ ሠላሳ ወንበር አላቸው፣ ሁለቱም በቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ሆነው ይውላሉ። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም የሞቀ ገበያ ነው።

ካዛንቺስ ላይ ደንበኛው ከቢሮ ሾልኮ ነው የመጣው፤ ሃያ አራት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይነሣል። ስድስት ሰዓት ማለት ሦስት መቶ ስድሳ ደቂቃ ነውና እያንዳንዱ ወንበር በቀን አሥራ አምስት ሰው ያስተናግዳል፤ በጠቅላላው አራት መቶ ሃምሳ ሰው። ከእያንዳንዱ የቡናው፣ የስኳሩና የወተቱ ወጪ ተቀንሶ 30 ብር ቢተርፍ 13,500 ብር ነው። የቀን ኪራይና ደመወዝ 7,000 ብር ቢሆን 6,500 ብር ይቀራል።

ኮንዶሚኒየሙ ሰፈር ግን የሚመጣው ሰው ጎረቤቱን ይዞ ከመሸ ወይም እሑድ ነው። አይቸኩልም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል። ያው ወንበር በቀን አራት ሰው ብቻ ያስተናግዳል፤ በጠቅላላው መቶ ሃያ ሰው። በ30 ብር ሲባዛ 3,600 ብር ይሆናል። ኪራዩ ረከስ ብሎ የቀን ወጪው 4,000 ብር ቢሆን እንኳ ካፌው ጢም ብሎ ሞልቶ በየቀኑ 400 ብር ይከስራል። ባለቤቱ የሞላ ቤት እያየ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሌባ የሚፈለገው ከሠራተኞቹ መካከል ነው። የገንዘቡ መውጫ ግን ሰዓቱ ላይ ነው።

መፍትሔው ደንበኛውን ማስነሣት ወይም ሙዚቃ ማስጮህ አይደለም። በዚያ ሰፈር የሚያልፍ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው፤ ስለዚህ ወንበር የማይፈልግ ነገር በበሩ ላይ ይሸጥለታል። የማለዳ ዳቦ፣ ለእንግዳ የሚያዝ ኬክ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በግማሽ ኪሎ። በቀን አርባ ሰው ከመንገዱ ዞር ብሎ አርባ ብር ትርፍ ያለው ነገር ቢገዛ 1,600 ብር ተጨመረ፤ የ400 ብሩ ኪሳራ ወደ 1,200 ብር ትርፍ ተለወጠ። ያ ካፌ እንግዲህ የካዛንቺሱ ቅጂ አይደለም፤ መጋገሪያው ጎላ ብሎ፣ ወንበሩ ቀንሶ የተሠራ ሌላ ቤት ነው። ከካዛንቺሱ የወሰደው ማሽኑን፣ የቡናውን አቆላልና የባሪስታውን ሥልጠና ነው።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰዓትና ደብተር ነው። መቅዳት የሚፈልጉት ካፌ ውስጥ ገብተው ቡና አዝዘው ይቀመጡ። ሰው መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ይጻፉ። ስንቱ ተቀምጦ ጠጣ፣ ስንቱ ይዞ ሄደ፣ ስንቱ ከቡናው ጋር የሚበላ አዘዘ? ባለቤቱ የማይነግርዎት የንግዱ ምስጢር ሁለት ቀን በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከዚያ ሊከፍቱበት ያሰቡት ሰፈር ሄደው ያንኑ ያድርጉ፤ ካፌ ከሌለ ከሱቁ ወይም ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ይቁሙ። ማለዳ የሚያልፈው ሰው በየትኛው የመንገድ ጎን ነው ታክሲ የሚይዘው? ወደ ሥራ የሚቸኩል ሰው መንገድ ተሻግሮ ቡና አይገዛም፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በሌላኛው ጎን ነው የሚወርደው። ለማለዳ ቡና የሚሆነው በርና ለማታ ዳቦ የሚሆነው በር አንድ ላይሆን ይችላል።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል። ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴን፣ ካፌን በመኪና መስኮት የማስተናገድን ዘይቤ መቅዳት ማንም አይከለክልም። ስምና ምልክት ግን ሌላ ነው። በአገራችን የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠበቃል፤ የሌላውን የተመዘገበ ምልክት የሚመስል፣ ደንበኛን የሚያደናግር ነገር በር ላይ መስቀል ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። ከዚያ በላይ ግን ለሰፈሩ የራሱ ስም ያለው ቤት መስጠት በንግድም ያዋጣል ብዬ አምናለሁ፤ ኢል ጆርናሌ የሚለው ስም እንኳ ለሲያትል ሰው አፍ ስላልተመቸ በስታርባክስ ተተክቷል።

ሹልትስ ሚላንን ካየ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ስታርባክስ ሚላን ውስጥ የመጀመሪያውን ካፌ ከፈተ፤ በፒያሳ ኮርዱዚዮ፣ በቀድሞው ፖስታ ቤት ሕንፃ ውስጥ። ለጣሊያኖች የተለመደውን የወረቀት ኩባያ ቤት አይደለም ያቀረበላቸው። ቡና እዚያው ፊት ለፊታቸው የሚቆላበት ሰፊ አዳራሽ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት መጠበቅ የሚችል ገንዘብ የሌለን እኛ ግን የኪራዩን ውል ከመፈረማችን በፊት ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ፣ ከዚያ በር ላይ ቆመን እንቁጠር።